ከዱባይ ወጥቶ ደሴ ያልደረሰ 7,000 ዶላር

«ጋሼ፣ ታላቅ እህቴ ከዱባይ በባንክ 7,000 ዶላር ላከችልኝ። ለጀመርነው ቤት ጣሪያ ነው። ከላከች 16 ቀን ሆናት። የእሷ ባንክ ‹ከኛ ወጥቷል› ይላታል። ደሴ ያለው ባንኬ ደግሞ ‹እኛ ጋ አልገባም› ይለኛል። አንድ ሰው ‹መሃል ያለው ባንክ ክፍያ ጎድሎበት ነው የያዘው፤ ክፍያውን ስትልክ ይለቀዋል› አለኝ። ገንዘቡ የት ነው ያለው? እንዴት ነው የማፈላልገው?» — ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

ከሁሉ በፊት ያንን ክፍያ እንዳትልክ። የነገረህ ሰው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ የሰማውን ይሆናል ያወራህ። ግን በዚሁ ወሬ ገንዘባቸውን የተበሉ ሰዎች አውቃለሁ። መሃል ያለው ባንክ አንተን አያውቅህም። ደንበኛው አይደለህም። ስልክህም የለውም። «ይህን ያህል አስገባና ልልቀቅልህ» ሊልህ የሚችልበት መንገድ የለም። ክፍያውን የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ወይ በእጁ ከሚያልፈው ገንዘብ ላይ ይቆርጣል፣ ወይ ላኪውን ባንክ ይጠይቃል። «ማስለቀቂያ» ብሎ የደወለልህ ካለ ወይም ወደፊት ከደወለልህ፣ ስልኩን ዝጋበት።

የትኛውን መንገድ እንደሚከተል እህትህ ስትልክ ተወስኗል። በማመልከቻው ላይ ወይም በስልኳ መተግበሪያ ላይ ሦስት ምርጫ ነበራት። `SHA` ከሆነ የዱባዩን ክፍያ እሷ ትከፍላለች፣ የመንገዱ ደግሞ ከ7,000ው ላይ ይቆረጣል። `OUR` ከሆነ ሁሉንም እሷ ትችላለች፤ መሃል ያለው ባንክ ድርሻውን ከዱባዩ ባንክ ይጠይቃል። `BEN` ከሆነ ሁሉም ካንተ ላይ ይቀነሳል። በሦስቱም ቢሆን 7,000 ዶላር የሚያህል ገንዘብ ለጥቂት ዶላር ክፍያ ተብሎ 16 ቀን አይታገትም። ክፍያ የሚደርስህን ያሳንሰዋል። የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ የጎደለ መረጃ።

ወደ ዋናው ጥያቄህ ልመለስ። ሁለቱም ባንኮች አልዋሹህም። የዱባዩ «ወጥቷል» ሲል ከእህትህ ሒሳብ ቀንሶ መልእክቱን ወደ ቀጣዩ ባንክ አሳልፏል ማለቱ ነው። የደሴው ቅርንጫፍ «አልገባም» ሲል አንተ ሒሳብ ላይ አልተመዘገበም ማለቱ ነው። በነዚህ ሁለት አባባሎች መካከል ቢያንስ ሁለት ቤት አለ። አንደኛው መሃል ያለው ባንክ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለው የባንክህ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ዶላር በሻንጣ ተጭኖ አይመጣም። ባንክህ ውጭ አገር ባለ አንድ ትልቅ ባንክ ውስጥ፣ በብዛት ኒው ዮርክ፣ የራሱ የዶላር ሒሳብ አለው። የባንክ ሰዎች ኖስትሮ ይሉታል። እህትህ ከዱባይ ዶላር ስትልክ የዱባዩ ባንክ ለኒው ዮርኩ ባንክ «ከኔ ሒሳብ ቀንስና ለኢትዮጵያው ባንክ ሒሳብ ጨምር፤ የመጨረሻው ተቀባይ እከሌ ነው» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ወረቀቱ በዱባይና በደሴ መካከል ቢጻፍም ገንዘቡ የሚዘዋወረው አሜሪካ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ይሠራል። እያንዳንዱ መልእክት የላኪና የተቀባይ ስም ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር ይመሳከርበታል። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ግን «ኒው ዮርክ ነው» ብለን ከመደምደማችን በፊት ነገ ጠዋት ቅርንጫፍህ ሂድና ሁለት ጥያቄ ጠይቅ። «ገብቷል ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ እሱን ጠይቀህ መልስ አግኝተሃል። የቅርንጫፍ ሠራተኛ የሚያየው የአንተን ሒሳብ ነው። ባንኮች እርስ በርስ የሚጻጻፉበት የስዊፍት መልእክት የሚገባው አዲስ አበባ፣ የውጭ ሐዋላ ወይም ዓለም አቀፍ ባንክ የሚባለው ክፍል ነው። ለዚህም ነው የባንክህ የስዊፍት ኮድ ለደሴም ለኮምቦልቻም ለቦሌም አንድ የሚሆነው። ስለዚህ ሠራተኛው ለዋናው ክፍል እንዲጽፍልህ ለምነው። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። መልእክቱ ደርሷችኋል? ገንዘቡስ ኖስትሯችሁ ላይ ገብቷል?

መልሱ ብዙ ይነግርሃል። ሁለቱም «አዎ» ከሆነ ገንዘቡ አዲስ አበባ ደርሶ ነው የቆመው። ሰበቡ ብዙውን ጊዜ ስም ነው። ባንክ ያለው ሒሳብህ በሦስት ስም ተከፍቶ እህትህ በሁለት ስም ልካልህ ይሆናል፣ ወይ አንድ ቁጥር ተሳስቷል። ይህ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። መታወቂያህን ይዘህ ቅርንጫፍህ ትሄዳለህ፤ ካልበቃም የዱባዩ ባንክ የስም ማስተካከያ መልእክት ይልካል። መልእክቱ ደርሶ ገንዘቡ ካልገባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ ባንኮች መልእክቱን ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይልኩና ገንዘቡን ለብቻው በኒው ዮርክ በኩል ይሰዳሉ። ሽፋን ይባላል። መልእክቱ ቀድሞ ሽፋኑ መንገድ ላይ ሲያዝ የአንተ ባንክ ወረቀቱን ይዞ ገንዘቡን ይጠብቃል። ሁለቱም «የለም» ከሆነ፣ እንደምገምተውም እንዲህ ነው፣ መልእክቱም ገንዘቡም ከመሃል አላለፉም።

አራተኛ ዕድልም አለ፤ ሳትዘነጋው ቆይ። ገንዘቡ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። መሃል ያለው ባንክ ጠይቆ መልስ ሲያጣ ለላኪው ባንክ ይመልሰዋል። የተመለሰው ገንዘብ ሁልጊዜ በቀጥታ እህትህ ሒሳብ ላይ አይገባም። ባንኩ ውስጥ በሆነ ማቆያ ሒሳብ ተኝቶ፣ የደንበኞች ስልክ ላይ ያለችው ልጅ ግን አሁንም «ወጥቷል» ልትላት ትችላለች። የምታየው ስክሪን የወጣበትን ቀን ብቻ ነውና።

አሁን አንድ ቁጥር ልንገርህ። ከዚህ መልስ ሌላውን ብትረሳ እንኳ ይህን ያዝ። እያንዳንዱ የስዊፍት ክፍያ ከመነሻው እስከ መድረሻው የማይቀየር መለያ አለው። ስሙ `UETR` ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። 36 ፊደል ነው፣ ሰረዞቹን ጨምሮ፤ መልኩም እንዲህ ነው፦

```
xxxxxxxx-xxxx-4xxx-xxxx-xxxxxxxxxxxx
```

በ`x` ቦታ ከ0 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮችና ከ`a` እስከ `f` ያሉ ፊደላት ይገባሉ። እህትህ ከባንኳ ያገኘችው አጭር የማጣቀሻ ቁጥር ይህ አይደለም። አጭሩ ቁጥር የዱባዩ ባንክ የራሱ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ብዙም አይረዳህም። `UETR` ግን ዱባይም፣ ኒው ዮርክም፣ አዲስ አበባም አንድ ነው። ባንኮች በስዊፍት መከታተያ ላይ ሲያስገቡት ክፍያው የት ባንክ ላይ በስንት ሰዓት እንደደረሰ ያያሉ።

ቁጥሩን የምታገኘው እህትህ የመልእክቱን ሙሉ ቅጂ ስትጠይቅ ነው። ባንኮች `MT103` ይሉታል። ከኖቬምበር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በባንኮች መካከል የሚሄደው አዲሱ ዓይነት `pacs.008` ነው፤ ብዙ ሠራተኛ ግን እስካሁን በቀድሞ ስሙ ይጠራዋል። በሁለቱም ስም ትጠይቅ። የደረሰኝ ፎቶ አይበቃም። «የተከፈለበት ማረጋገጫ» የሚል ቆንጆ አርማ ያለው ወረቀትም አይበቃም። የመልእክቱ ቅጂ ላይ ስምህ እንዴት እንደተጻፈ፣ አድራሻ ይኑር አይኑር፣ ምክንያቱ ምን እንደተባለ በአንድ ገጽ ታያለህ።

ምን እንደሚሆን በአንድ ጉዳይ ላሳይህ። እኔ በውጭ ሐዋላ ክፍል ዓመታት ሠርቼ አሁን ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። እዚሁ ከተማ ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ወንድሙ ከሻርጃ 4,500 ዶላር ላከለት። ሰኞ ላከ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልክ እንዳንተ ግራ ገብቶት መጣ። የመልእክቱን ቅጂ አስመጣነው። ተቀባዩ የተጻፈው በዚህ መልክ ነበር፤ ስሙንና ቁጥሩን ለውጬዋለሁ።

```
:50K:/AExxxxxxxxxxxxxxxxxxxxx
ALI AHMED
PO BOX xxxx SHARJAH
:59:/1000xxxxxxxxx
SEID AHMED
ETHIOPIA
:70:FAMILY
:71A:SHA
```

ይህን ወሎ ውስጥ ያለ ሰው ሲያየው ምንም አይታየው። ኒው ዮርክ ያለ የቁጥጥር ሠራተኛ ግን አራት ነገር ያያል። ስሙ እጅግ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ስም በደሴና በኮምቦልቻ በየሰፈሩ አለ፣ በዓለም ዙሪያም በሺዎች። ማመሳከሪያው ኮምፒውተር ደግሞ ፊደል በፊደል አይደለም የሚያነበው፤ የሚቀራረበውን ሁሉ ያነሳል። መሐመድ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አንተም ታውቃለህ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ ተቀራራቢ ስም ሲገኝ ክፍያው በራሱ ይቆማል። ከዚያ ሰው ነው የሚያየው። ያ ሰው «ይህ ሌላ ሰው ነው» ብሎ ለማለፍ የልደት ቀን፣ ከተማ፣ ሦስተኛ ስም ያስፈልገዋል። መልእክቱ ላይ አንዱም የለም።

ሁለተኛው የላኪው አድራሻ ነው። ኤምሬትስ ውስጥ ሰው አድራሻውን በፖስታ ሳጥን ቁጥር መስጠት ለምዷል። ለአሜሪካ ባንክ ግን ፖስታ ሳጥን የመኖሪያ አድራሻ አይደለም። ሦስተኛ፣ የተቀባዩ አድራሻ አገር ብቻ ነው፤ ከተማ የለውም። እኛ አገር መንገዱ ስም፣ ቤቱም የታወቀ ቁጥር ስለሌለው ሰዎች ይህን ይዘሉታል። አራተኛ፣ ምክንያቱ «ቤተሰብ» ብቻ ነው።

የመከታተያውን ሁኔታ ዋናው መሥሪያ ቤት አይቶልን ነበር። ክፍያው ሰኞውኑ ኒው ዮርክ ደርሷል። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን አልተንቀሳቀሰም። ስክሪኑ ላይ `ACSP` ይላል። ትርጉሙ በሂደት ላይ ነው። `ACCC` ቢል ኖሮ ለተቀባዩ ገብቷል ማለት ነበር። `RJCT` ቢል ደግሞ ተቀባይነት አላገኘም። እንግዲህ ገንዘቡ አለ፣ ቦታውም ታውቋል። ቀጣዩ ጥያቄ ኒው ዮርክ ምን ጠየቀ፣ ማንን ጠየቀ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። መሃል ያለው ባንክ ጥያቄ ሲኖረው ወደ ፊት ወደ ተቀባዩ አይጠይቅም። ወደ ኋላ፣ መልእክቱን ወደሰጠው ባንክ ነው የሚጠይቀው። የጎረቤቴ ጥያቄ የተላከው ለሻርጃው ባንክ ነበር። እሱ ግን ለ12 ቀን ኮምቦልቻ ያለውን ቅርንጫፍ ነበር ሲመላለስበት የነበረው። የቅርንጫፉ ልጆች ደግሞ የሌለ ነገር ከየት ያምጡለት? ወንድሙን በስልክ ሳይሆን በአካል ቅርንጫፉ ሄዶ እንዲጠይቅ አደረግነው። ጥያቄውም እንዲህ ነበር፦ «በዚህ `UETR` ላይ ከመሃል ባንክ የመጣ፣ መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ አለ?» ጥያቄው በእርግጥም ነበር፤ 9 ቀን የቆየ። ባንኩ ለወንድሙ ኢሜይል ልኮ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን ከለቀቀው የድሮ መሥሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነበር። ማንም አላየውም።

መልሱ ተጻፈ። ግን ሌላ ሦስት ቀን ጠፋ። ወንድሙ የጎረቤቴን የልደት ዘመን 1979 ብሎ ጻፈ። የጎረቤቴ ፓስፖርት 1987 ይላል። አንዱ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ነው። ለኛ ሁለቱም አንድ ዓመት ነው። ለኒው ዮርኩ ሠራተኛ ግን ሁለት የተለያየ ሰው ነው፤ ስለዚህ እንደገና ጠየቀ። ይህን ስህተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የልደት ቀን ሲጠየቅ ፓስፖርትህ ወይም ፋይዳህ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን እንዳለ ቅዳ እንጂ ከጭንቅላትህ አትቀይር። በመጨረሻ ገንዘቡ በ19ኛው ቀን ገባ።

አሁን ወደ አንተ። እህትህ ነገ በሥራ ሰዓት ወደ ባንኳ ትሂድ። ኒው ዮርክ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ስለዚህ 16 ቀንህ በሥራ ቀን ሲቆጠር ከ10 እስከ 12 ነው። ከቅርንጫፉ ሦስት ነገር ትጠይቅ። የመልእክቱን ሙሉ ቅጂ፣ በ`UETR` የተደገፈ የመከታተያ ውጤት፣ ከዚያ ደግሞ ከመሃል ባንክ የመጣ ጥያቄ ካለ የጥያቄውን ቃል። የጥያቄው ቃል ላይ ትጽና። «ተጨማሪ መረጃ ይፈልጋሉ» የሚለው አይበቃትም። የተጠየቀውን ሳያውቁ የተጻፈ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል።

ጥያቄ ከሌለ መደበኛ የማፈላለጊያ ጥያቄ ታስገባ። ብዙ ባንክ ለዚህ ትንሽ ክፍያ ይጠይቃል፤ ያንን ለራሷ ባንክ ብትከፍል ትክክል ነው። ከዚያ ባንኩ ለመሃል ባንክ ይጽፋል፤ ደንቡን ተከትሎ የመጣ ጥያቄ ስለሆነ መልስ የማግኘት ዕድሉ ከስልክ ጥሪ ይበልጣል። የጠየቀችበትን ቁጥርና ቀን ትያዝ።

ጥያቄ ካለ መልሱን አንተና እሷ አብራችሁ አዘጋጁት። ስምህን ሒሳብህ ላይ እንዳለ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እስከ አያትህ ድረስ ጻፉ። ፓስፖርትህ ላይ በሌላ አጻጻፍ ካለ፣ ያንንም «በዚህም ይጻፋል» ብላችሁ አክሉ፤ ብትደብቁት ኋላ ሌላ ጥያቄ ይሆናል። የልደት ቀንና የትውልድ ከተማ ይኑር። አድራሻህን ከቀበሌው ጀምራችሁ ደሴ፣ አማራ ክልል፣ ኢትዮጵያ ብላችሁ ዝለቁ። የእሷ አድራሻ የምትኖርበት ሕንፃና ሰፈር ይሁን፤ ፖስታ ሳጥን ብቻውን አይበቃም። ዝምድናችሁን ግለጹ። የገንዘቡን ዓላማ ቀጥ አድርጋችሁ ተናገሩ፤ ለወንድሟ ቤት ጣሪያ ሥራ ነው፣ ገንዘቡም ከደመወዟ ያጠራቀመችው ነው። የቆርቆሮው ወይም የአናጢው ዋጋ ማቅረቢያ ካለህ ፎቶው ሊረዳ ይችላል። የመታወቂያህን ቅጂ ጨምር። ይህ ሁሉ በባንኳ በኩል ነው የሚሄደው። ኒው ዮርክ ላለው ባንክ በቀጥታ ኢሜይል ብትጽፍ አይመልስልህም፤ ደንበኛው ስላልሆንክ እንዳይመልስ ይገደዳል።

ከመልሱ በኋላ ባብዛኛው ከሁለት እስከ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል። ይህን ጊዜ ሁለት ነገር እንዳታደርጉ። አንደኛ፣ እህትህ ተስፋ ቆርጣ ሌላ 7,000 አትላክ። የመጀመሪያው የቆመበት ምክንያት እንዳለ ነው፤ ሁለተኛውም እዚያው ይቆማል። እንዲያውም ተመሳሳይ መጠን ሁለቴ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሌላ ጥርጣሬ ሊያነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥያቄ እየተመለሰ ሳለ የስረዛ ጥያቄ አታስገባ። ስረዛ ራሱን የቻለ መልእክት ነው። መሃል ያለው ባንክ «ልልቀቅ ወይስ ልመልስ?» ብሎ ሁለቱን ትእዛዝ ሊያምታታ ይችላል። ተመላሽ ሲደረግም ክፍያ ይቆረጥበታል። ከ7,000 ወጥቶ 6,940 ሆኖ ሲመለስ ያየ ሰው ሲናደድ አይቻለሁ። ስረዛ ትክክል የሚሆነው ሒሳብ ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም የተጠየቀውን ማሟላት እንደማይቻል ከታወቀ ነው።

«ሊወረስ ይችላል?» ብለህ አልጠየቅከኝም፤ ግን በልብህ እንዳለ አውቃለሁ። ስም በመመሳሰሉ የቆመ ክፍያና በእርግጥ የታገደ ሰው ክፍያ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ማንነቱ ሲጣራ ይለቀቃል፤ አብዛኛው ይህ ነው። ሁለተኛው በእርግጥ ዝርዝሩ ውስጥ ላለ ሰው ነው። ያ በአሜሪካ ሕግ ይታገዳል፣ ለማስለቀቅም የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ባንኩ «በማጣራት ላይ ነው» ካላት ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። «ታግዷል» የሚል ቃል በጽሑፍ ከመጣ ግን ወዲያው የሕግ ሰው አማክሩ።

ሌላው አይቀሬ የሚሆነው ከተማ ነው። ከኖቬምበር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስዊፍት ክፍያ ላይ አድራሻ ከተጻፈ ከተማና አገር በየራሳቸው ሳጥን ለይቶ ማስገባት ግድ ይሆናል፤ እንዳለ የተዘረገፈ አድራሻ አይሄድም። ስለዚህ «ኢትዮጵያ» ብቻ ብሎ የሚተው ሰው ከዚያ በኋላ የባሰ ይቸገራል። የዱባዩ መተግበሪያ ላይ የከተማ ሳጥን ካለ፣ ከአሁኑ `DESSIE` ብላ ትሙላበት። አንዳንድ ቅጽ ኢባን የሚባል ረጅም ቁጥር ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ኢባን አትጠቀምም። በዚያ ሳጥን ውስጥ የባንክ ሒሳብ ቁጥርህን ብቻ ታስገባ፤ ፊደል አክላ ኢባን ለማስመሰል አትሞክር። ተጨማሪ ዜሮ ጨምረው ሒሳቡ ያልተገኘላቸው ሰዎች ጉዳይ በእጄ አልፏል።

ገንዘቡ ሲገባ አንድ ሥራ ይቀርሃል። ከቅርንጫፍህ የገቢ ማስታወቂያውን ወይም የደረሰውን መልእክት ቅጂ ጠይቅ። ለጎረቤቴ የደረሰው ቅጂ ላይ እንዲህ የሚል ክፍል ነበር፤ ነጠላ ሰረዙ የአሥርዮሽ ነጥብ ነው።

```
:32A:xxxxxxUSD4480,
:33B:USD4500,
:71A:SHA
:71F:USD20,
```

`33B` የተላከው ነው። `32A` ለባንኩ የደረሰው ነው። `71F` ደግሞ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደተቆረጠ ይነግርሃል፤ ሁለት ባንክ ቆርጦ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። 20 ዶላሩ መንገድ ላይ ነው የቀረው። ጎረቤቴ ግን መጀመሪያ የኮምቦልቻው ባንክ የወሰደበት መስሎት ነበር። አንተም ከ7,000 የጎደለውን በዚሁ አስላ። `OUR` ተብሎ ተልኮ ሳለ `71F` ላይ የተቆረጠ ካየህ ግን ያ ስህተት ነው፤ እህትህ ቅጂውን ይዛ ባንኳን ብትጠይቅ ሊመልስላት ይገባል።

ዶላሩ ወደ ብር የሚመነዘረው ባንክህ ሒሳብህ ላይ በሚያስገባበት ቀን ዋጋ ነው፤ እህትህ በላከችበት ቀን አይደለም። ከጁላይ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋጋው በየቀኑ ስለሚለያይ፣ ጣሪያ ሠሪው ጋ ያስያዝከውን የብር መጠን በዚያ ቀን ዋጋ ደግመህ አስላው።